ጆሮህን ማሳከክ ሲጀምርህ ነው መያዝ ያለበት

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልሽ። ፋብሪካ እሠራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ሁሌ ሻወር እወስዳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እዚሁ ሆቴል ሄጄ እዋኛለሁ። ቀኝ ጆሮዬን ማሳከክ ከጀመረኝ ሰነባብቷል። በቁልፍ ስነካካው ለጊዜው ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ይብሳል። አሁን ቆሎ ሳኝክ ሁሉ ያመኛል። ጓደኛዬ አሞክሲሲሊን ሰጥቶኝ ወሰድኩ፣ ለውጥ የለውም። እናቴ ዘይት አሙቄ ላድርግልህ ትላለች። አምናም እንዲሁ ይዞኝ ነበር። አብረውኝ የሚዋኙት ምንም አይሆኑም፣ ለምን እኔን ብቻ? ሳይብስስ በምን ይታወቃል? እናቴም ስኳር አለባት፣ ከውዱእ በኋላ ጆሮዬን ይበላኛል ትላለች። እሷስ ታስጋለች?»

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ ይድናል። ግን ዛሬውኑ የምታደርገውን ላስቀድም፣ ምክንያቱን ቀጥለን እናወራለን። ቁልፉን ተወው። ዘይቱም ይቅር። መዋኘቱን ለጊዜው አቁም። ነገ ጠዋት ደግሞ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሂድና ጆሮህን በመብራት ገልጦ የሚያይልህ ባለሙያ ፈልግ። መንጋጋህን ስታንቀሳቅስ ካመመህ ነገሩ ከማሳከክ አልፏል፤ የጆሮ ቱቦ ፊተኛው ግድግዳ ከመንጋጋ መገጣጠሚያው ጋር ጎን ለጎን ስለሆነ ቆዳው ሲያብጥ ማኘክ ይቆጠቁጣል።

የያዘህ ነገር የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን ይመስለኛል። የሚታመመው ከጆሮ ቀዳዳ እስከ ታምቡሩ ያለው ቱቦ ቆዳ ነው። ቱቦው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፣ ቀጥ ያለም አይደለም፣ ትንሽ ይጠማዘዛል። ወደ ደጅ ያለው ክፍል ፀጉርና ኩክ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉት። ወደ ውስጥ ያለው ግን ስስ ቆዳ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ወዲያው አጥንት ነው። ለማበጥ ቦታ የለውም። ለዚህ ነው ይቺን የምታክል ቦታ ስታመረቅዝ ሰውን እንቅልፍ የምትነሳው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ለምን አንተን? ነገሩ ያለው ኩኩ ላይ ነው። እኛ ኩክን እንደ ቆሻሻ እናየዋለን፣ ሰው ፊት ጆሮአችን ላይ ከታየ እናፍራለን። ሥራው ግን ሌላ ነው። ኩክ ቅባትነት ስላለው ውኃ ቆዳው ላይ ተጣብቆ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ትንሽ አሲድነትም አለው፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ደግሞ አሲድ ያለበት ቦታ እንደ ልባቸው አይራቡም። ማውጣትም አይጠበቅብህም። የቱቦው ቆዳ ራሱ ከታምቡሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ደጅ ይጓዛል፣ ስታወራና ስታኝክ የመንጋጋህ እንቅስቃሴም ያግዘዋል፣ አሮጌው ኩክ ደርቆ በራሱ ይወጣል።

ጆሮህ ውኃ ሲበዛበት ግን ይሄ መከላከያ ይታጠባል። ልብስ ስታጥብ ውለህ ጣትህ ነጭ ሆኖ እንደሚሸበሸበው ሁሉ የቱቦው ቆዳም ውኃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ይሰነጣጠቃል፣ አሲድነቱም ይቀንሳል። ከውኃ ወጥተህ ጆሮህ ቶሎ ከደረቀ ቆዳው ራሱን ይመልሳል። እርጥብ እንደሆነ ካደረ፣ ነገም ከተደገመ፣ ግን የመመለሻ ጊዜ አያገኝም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሙቀቱና ላቡ ይጨመርበታል፤ ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል የወረደ ሰው ልዩነቱን ከመኪናው ሳይወርድ ነው የሚያውቀው። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ለባክቴሪያ ይመቻል።

በዚህ ላይ ቁልፉ መጣ። አንተና ጓደኞችህ ያው አንድ ገንዳ ውስጥ ነው የምትዋኙት፣ ልዩነታችሁ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የለሰለሰ ቆዳ በቁልፍ፣ በክብሪት እንጨት፣ በእስክርቢቶ ክዳን ወይም በኮተን ባድ ሲነካ በዓይን የማይታይ ጭረት ይወጣበታል። ባክቴሪያው የሚገባው በዚያ ነው። ከገባ ቆዳው ይቆጣል፣ የተቆጣ ቆዳ ይበልጥ ያሳክካል፣ አንተም ይበልጥ ትነካካዋለህ። ኮተን ባድ ለስላሳ ስለሆነ አይጎዳም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይጎዳል። ኩኩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይጠቀጥቀዋል፣ ከተጠቀጠቀው ኩክ ጀርባ የገባ ውኃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ የቱቦው ጥበት ከሰው ሰው ይለያያል፣ የቆዳ ድርቀት ወይም ኤግዚማ ያለባቸው ሰዎችም ቶሎ ይያዛሉ። ኢርፎን ሰክተህ የምትውል ከሆነም እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል።

ገንዳው ቆሻሻ ነው ወይ ብለህ ታስብ ይሆናል። ክሎሪኑ በደንብ ያልተጠበቀ ገንዳ በእርግጥ ይብሳል፤ ለዚህ በሽታ ዋነኛ ከሆኑት ባክቴሪያዎች አንዱ ሱዶሞናስ የሚባል ነው፣ እርጥብ ቦታ ይወዳል። ሌላው ስታፊሎኮከስ ነው። ግን ንጹሕ ገንዳም ቢሆን፣ ሐይቅ ውስጥም ብትዋኝ፣ ቤትህ ሻወር ሥር ብትቆምም ያው ነው። እርጥበቱ ራሱ ነው መንገዱን የሚከፍተው። ዋና የማያውቁ፣ በቀን ሁለቴ የሚታጠቡ ሰዎችም የሚያዙት ለዚህ ነው። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም፣ ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሸሽህ።

ሳይብስ በምን ይታወቃል ላልከው፣ የመጀመሪያው ምልክት ሕመም አይደለም። ማሳከክ ነው። ከዋኘህ ወይም ከታጠብክ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ አንዱ ጆሮህ ብቻ ውስጥ ውስጡን መብላት ከጀመረ፣ ውኃው የቀረበት መስሎ ደፈን ካለብህ፣ ጭንቅላትህን ብታዘነብል ምንም ነገር ካልወጣ፣ ያኔ ነው ልብ ማለት ያለብህ። ብዙ ሰው ይሄን ቀን «ውኃ ገብቶብኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይዞ ይቆፍረዋል።

በዚያው ቀን አንድ ነገር ሞክር። ከጆሮህ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ በጉንጭህ በኩል፣ ቀዳዳውን የምትከልል ትንሽ ጉብ ያለች ሥጋ አለች። እሷን በጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ተጫናት። ከዚያ ጆሮህን ከላይ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው። ጤነኛው ጆሮህ ላይ ደግመውና አወዳድር። የሚያሳክክህ ጆሮ ላይ ትንሽም ቢሆን የሚቆጠቁጥ ነገር ከተሰማህ የቱቦው ቆዳ ተቆጥቷል ማለት ነው። ሐኪሙም መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ያ ቀን ካለፈ ወዴት እንደሚሄድ ልንገርህ። ማሳከኩ ወደ ሕመም ይለወጣል፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ። መጀመሪያ ውኃ የመሰለ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሊወጣ ይችላል፣ ቀጥሎ ይወፍርና መግል ይሆናል። ቱቦው ሲያብጥና ሲጠብ በዚያ ጆሮ መስማት ይደክማል። በዚያ በኩል መተኛት ያቅታል። ከዚያም ሲያልፍ ሕመሙ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይሰራጫል፣ ከጆሮ ሥር ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ጆሮው ከውጭም ይቀላል። አንተ ያለኸው መሐል ላይ ነው፣ በጠብታ በቀላሉ የሚመለስበት ቦታ ላይ።

የጆሮ ሕመም ሁሉ ይሄ አይደለም ደግሞ። የመሐል ጆሮ ኢንፌክሽን የሚባለው ከታምቡሩ ጀርባ ነው፣ በተለይ ልጆችን ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ጉንፋን ይቀድመዋል። እሱ ላይ ጆሮውን ብትጎትተው ሕመሙ አይጨምርም። አንዳንዴ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ድንገት መግል ይፈስና ሕመሙ ቀለል ይለዋል፤ ያ ታምቡሩ ተበስቶ ነው። ይሄን የምነግርህ የሁለቱ መድኃኒት ስለሚለያይ ነው።

አሞክሲሲሊኑ ለምን እንዳልሠራልህም እዚህ ጋ ይገባሃል። ሱዶሞናስ ለአሞክሲሲሊን በተፈጥሮው አይበገርም። የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን ላይ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፣ ጠብታው ቆዳው ላይ በቀጥታ ስለሚያርፍ በጣም የተሻለ ነው። እባክህ የሰው መድኃኒት አትዋጥ። ጓደኛህ አስቦልህ ነው፣ ግን መድኃኒቱ ለሌላ በሽታ ነበር።

ዘይቱን ደግሞ እናትህን ሳታስከፋ እምቢ በላት። ጤና አዳም ጨምቀው፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው ጆሮ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ። የተቆጣ ቆዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላል፣ የሞቀ ዘይት ሊያቆስል ይችላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታምቡሩ ደህና መሆኑን ሳታውቅ ማንኛውንም ነገር ማፍሰስ የለብህም። ዘይት የሞላው ጆሮ ውስጥ ሐኪሙም ቢያይ ምንም አይታየውም።

ክሊኒክ ስትሄድ የሚሆነው ይሄ ነው። ባለሙያው በመብራት አይቶ ቱቦው ውስጥ መግልና የረገፈ ቆዳ ካለ ያጸዳዋል፣ ምክንያቱም ጠብታ በቆሻሻ ላይ ቢንጠባጠብ ቆዳው ጋ አይደርስም። ቱቦው በጣም ካበጠ ጠብታውን ወደ ውስጥ የሚያደርስ ቀጭን ማስገቢያ ይከትልሃል፣ እብጠቱ ሲቀንስ ይወጣል። ከዚያ ጠብታ ያዝልሃል፣ ብዙ ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት፣ አንዳንዴ እብጠት ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር የተደባለቀ። ከዚህ በፊት ጆሮህ ለረጅም ጊዜ መግሎ የሚያውቅ ከሆነ ወይም አፍንጫህን ስትናፈጥ በጆሮህ አየር የሚወጣ ከመሰለህ ሳይጠይቁህም ንገራቸው። ታምቡር ተበስቶ ከሆነ እንደ ጀንታማይሲን ያሉ ጠብታዎች ወደ ውስጥ ገብተው መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ፋርማሲ ሄዶ «የጆሮ ጠብታ ስጠኝ» ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው።

ጠብታውን ብዙ ሰው በትክክል አያደርገውም፣ ቆሞ ያንጠባጥበውና ወዲያው ተመልሶ ይፈስሳል። እንዲህ አድርግ። ጠርሙሱን ጥቂት ደቂቃ እጅህ ውስጥ ይዘህ አሙቀው፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ያዞራል። በጤነኛው ጎንህ ተኛ። ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ የታዘዘልህን ያህል አንጠባጥብ። ያችን ፊት ያለችውን ጉብታ ደጋግመህ ጫን ለቀቅ አድርጋት፣ አየሩ ወጥቶ መድኃኒቱ እንዲወርድ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሳትነሳ ቆይ። ሕመሙ ቢሻልህም እስከታዘዘልህ ቀን ጨርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል ውሰድ።

በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ለውጥ ማየት አለብህ። ካላየህ ጠብታውን ብቻ ማስረዘም አይደለም መፍትሔው፣ ተመልሰህ ሂድ። ምናልባት ፈንገስ ነው። ፈንገስ ሲሆን ሕመሙ ከማሳከኩ ያንሳል፣ ማሳከኩ ግን አያስቀምጥም፣ ሲታይ እርጥብ ወረቀት የመሰለ ነጭ ነገር ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። የባክቴሪያ ጠብታ ለረጅም ጊዜ ያደረገ ሰው ላይም ይመጣል። መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ ጆሮውም መጽዳት አለበት።

አሁን የእናትህ ነገር። እውነቱን ልንገርህ፣ ከአንተ ይልቅ የምታሳስበኝ እሷ ናት። ማሳከኩ ብቻ አደገኛ አይደለም፣ ግን ስኳር ያለበት ትልቅ ሰው ላይ የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን አንዳንድ ጊዜ ከቆዳው አልፎ ወደ ጭንቅላት አጥንት ይገባል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ሕይወትን ያሰጋል። ምልክቱ ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ጥልቅ ሕመም ነው፣ ጠብታ እየተደረገም የማያቋርጥ ፈሳሽ ነው፣ ሲብስም የፊት አንዱ ጎን መውደቅ ነው። ከእነዚህ አንዱን ካየህ ክሊኒክ ለክሊኒክ አትዙር፣ ቀጥታ ደሴ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዳት። አሁን ላይ ግን ጆሮዋ ይታይላት፣ ስኳሯም ይለካ። ሐኪሙ ኩክ ደፍኖባት ከሆነም በሲሪንጅ ውኃ እየረጨ እንዳያጥብላት ስኳር እንዳለባት አስቀድማ ትንገረው። በሌላ መንገድ ይወጣል።

ውዱዕዋን በተመለከተ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ጆሮ ይታበሳል እንጂ ውኃ አይፈስበትም። ጣቷን አርጥባ፣ ውኃውን አራግፋ፣ የጆሮዋን ቅርጽ በስሱ ብታብስ ይበቃል፣ ጣት ወደ ቱቦው ጠልቆ እንዲገባ አያስፈልግም። ከጨረሰች በኋላ ደረቅ ነጠላ ወይም ፎጣ ጫፍ ከቀዳዳው ደጅ ላይ ታሳርፍበት። ጆሮዋ እያመማት ከሆነ ትጥበት ላይ እንዴት እንደምታደርግ ሸሆቹን ትጠይቅ፣ ለታመመ ሰው የሚሉት አላቸው። ጠበል ለሚጠመቁ ጎረቤቶቻችሁም ያው ነው፣ ውኃው ከራስ ላይ ሲወርድ ጆሮ ውስጥ ይቀራል፣ ከወጡ በኋላ ማድረቅ ነው።

ለአንተ ደግሞ። ሕክምናው ላይ እያለህ ሻወር ስትወስድ ጥጥ በቫዝሊን ቀባ አድርገህ የጆሮህ አፍ ላይ አስቀምጥ፣ ወደ ውስጥ ሳትጠቀጥቅ፣ ሲያልቅ ወዲያው አውጣው። ፋብሪካ ውስጥ የጆሮ መሰኪያ የምታደርግ ከሆነ ለአለቃህ ንገረውና እስኪድን ከላይ የሚደፋውን ዓይነት ይስጡህ፤ ድምፁ ካለበት ቦታ ባዶ ጆሮህን መግባት አይሆንም።

ከዳንክ በኋላ ከውኃ በወጣህ ቁጥር ጭንቅላትህን ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ቱቦው ቀጥ ሲል ውኃው ይወርዳል። ሌላኛውንም እንዲሁ። ውጩን በፎጣ አድርቅ። ቤት ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ ካለ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከጆሮህ አንድ ክንድ ያህል አርቀህ ትንሽ ማንፈስ ይቻላል። አንዳንድ ዋናተኞች ከውኃ ሲወጡ 5 ከመቶ አሲድ ያለውን ነጭ አቼቶ ከአልኮል ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው ጥቂት ጠብታ ያደርጋሉ። አልኮሉ ውኃውን ቶሎ ያተንነዋል፣ አቼቶው አሲዱን ይመልሳል። ይሄ የሚሆነው ግን ታምቡሩ ደህና መሆኑ በሐኪም ለታየለት፣ ጆሮው ምንም ለማያመው ሰው ብቻ ነው። አሁን እንዳትሞክረው፣ ያቃጥልሃል፣ አያድንህምም። እናትህ ላይም በጭራሽ።

ወደ ገንዳው መቼ ልመለስ እንዳትለኝ ደግሞ፦ ጠብታውን ጨርሰህ፣ ጆሮህን ስትጎትተው ምንም ሳያምህ፣ የምትሰማውም በሁለቱም ጆሮ እኩል ሲሆን ነው። ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይወስዳል። የሚቀጥለው ጊዜ ማሳከክ ሲጀምርህ ያን የመጫን ፈተና በዚያው ምሽት ሞክር፣ ከቆጠቆጠህ ቅዳሜን ሳትዋኝ እለፍና ታይ።